የወር አበባ ዑደት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለምን ይዛባል? ሐኪም የሚያስፈልገውስ መቼ ነው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የወር አበባ ካየች ጥቂት ወራት የሆናት ልጅ ከእናቷ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ፣ እናቲቱ የምታቀርበው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «አንድ ወር መጣ፤ ሁለት ወር ጠፋ፤ ደግሞ በሃያ ቀን ተመለሰ፤ ልጄ ምን ሆነችብኝ?» ትላለች። እኛም አብዛኛውን ጊዜ የምንሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «የዕድሜ ነው፤ ይስተካከላል» እንላለን። ይህ መልስ ከአሥር ልጆች በብዙዎቹ ላይ እውነት ነው። በቀሩት ላይ ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ልጅቷ በደም ማነስ ተዳክማ ወይም ሳይታወቅ አርግዛ ስትገኝ ነው።

በሌላ አገር ይህ ጉዳይ በቀላሉ ይፈታ ይሆናል፤ የሚያጠራጥር ነገር ቢኖር ልጅቷን ወደ ሐኪም መላክ ነው። በዋግ ኽምራ ግን ከዝቋላ ወይም ከሰሃላ ወረዳ አንዲትን ልጅ ሰቆጣ ከተማ ወዳለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መላክ ማለት የአባቷን የሥራ ቀን፣ የመጓጓዣ ገንዘብና የትምህርት ጊዜዋን መውሰድ ማለት ነው። ስለዚህ የምትጠብቀውን ከማትጠብቀው መለየት ያለበት በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ ነው። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህን መለያ ማስረዳት ሲሆን፣ አሳቡም በአጭሩ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቀኑ መዛባት በተወሰነ ልክ ይታገሡታል፤ የደሙ መብዛት ግን አይታገሡትም፤ ረጅም ዝምታውም ሳይመረመር አይታለፍም።

በመጀመሪያ መዛባቱ ከምን እንደሚመጣ እንመልከት።

በአንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ የተባለችው ትንሽ ዕጢ በላይዋ ካለው ከሃይፖታላመስ ትእዛዝ እየተቀበለች እንቁልጢን የሚያነቃቁ ሆርሞኖችን ወደ ደም ትለቃለች። እንቁልጢም እንቁላል የያዘችውን ከረጢት ያሳድጋል፤ ከረጢቷም ባደገች ቁጥር ኤስትሮጅን ታመነጫለች። ኤስትሮጅን የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን ያወፍራል፤ ወደ ላይም ተመልሶ ፒቱታሪን ያግዳታል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ አንድ ወንዝ ሲሞላ በር እንደሚዘጋ ጠባቂ ያለ ነው። ነገር ግን ኤስትሮጅን ከፍ ብሎ ለሁለት ቀን ያህል በዚያው ልክ ሲቆይ ጠባዩ ይለወጣል። ያገደው የነበረውን መልሶ ይገፋፋል፤ ፒቱታሪም ኤል ኤች የተባለውን ሆርሞን በአንድ ጊዜ በብዛት ትለቃለች። ከዚህም ከአንድ ቀን ተኩል ገደማ በኋላ እንቁላሏ ከከረጢቷ ትወጣለች።

የቀረው ከረጢት ፕሮጄስትሮን የተባለ ሌላ ሆርሞን ያመነጫል። የፕሮጄስትሮን ሥራ የወፈረውን ሽፋን አጽንቶ መያዝ ነው። እርግዝና ካልተፈጠረ ከረጢቱ በ14 ቀን ገደማ ይከስማል፤ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፤ ሽፋኑም ባንድ ጊዜና በሥርዓት ይፈርሳል፤ የወር አበባ የምንለውም ይህ ነው። እንግዲህ ዑደቱን ቀን እንዲጠብቅ የሚያደርገው የእንቁላል መውጣት መሆኑን ልብ እንበል።

በአዲስ ልጃገረድ ሰውነት ውስጥ የማገጃው መንገድ አስቀድሞ ሥራውን ይጀምራል። የመገፋፋቱ መንገድ ግን ቀስ ብሎ የሚበስል ስለ ሆነ ለመጽናት ዓመታት ይወስድበታል። ስለዚህ ኤስትሮጅን ይወጣል፤ ሽፋኑም ይወፍራል፤ ነገር ግን ኤል ኤች በብዛት አይለቀቅም፤ እንቁላልም አይወጣም። እንቁላል ካልወጣ ፕሮጄስትሮን የለም። የዋግ ገበሬ በተዳፋት እርሻው ላይ የሚሠራውን የድንጋይ ካብ አስቡት። በመካከሉ ማያያዣ ድንጋይ ሳይገባበት እየተደራረበ ከፍ ያለ ካብ፣ ክብደቱን መሸከም ሲያቅተው አንድ ጊዜ ከዚህ ጥግ፣ ሌላ ጊዜ ከዚያ ጥግ ይናዳል። ፕሮጄስትሮን ያላጸናው የማሕፀን ሽፋንም እንዲሁ ነው፤ መቼ እንደሚናድ አይታወቅም። ሲናድም አንዳንድ ጊዜ በጥቂቱ፣ አንዳንድ ጊዜ ሳያቋርጥ ለብዙ ቀን ይፈስሳል። ስለዚህ የቀኑ መዛባትና የደሙ መብዛት ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ በልጅቷ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ግን የተለያየ ነው።

ከዚህ ማብራሪያ በሥራችን የሚጠቅመን አንድ ምልክት ይገኛል። እንቁላል ያልወጣበት ወር አበባ ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ የቁርጠት ሕመም የሚመጣው ፕሮጄስትሮን ከፍ ብሎ ከወረደ በኋላ ነው። አንዲት ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ያለ ሕመም ቆይታ በሁለተኛው ዓመት መለስተኛ ቁርጠት ቢጀምራት፣ ዑደቷም በዚያው ጊዜ እየተስተካከለ ቢሄድ፣ ይህ እንቁላል መውጣት የመጀመሩ ምልክት ነው። እናቲቱም «አሁን ደግሞ ሕመም ተጨመረባት» ብላ ስትሠጋ ይህን ማስረዳት ይገባል። በአንጻሩ የወር አበባ ገና ሳታይ በየወሩ ከእንብርቷ በታች የሚያማትና ሕመሙ እየባሰ የሚሄድባት ልጅ መውጫው ተዘግቶ ደሙ በውስጥ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል ሳትውል ሳታድር መመርመር አለባት።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በብዙ አገሮች 3,073 ልጃገረዶችን ተከታትሎ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወር አበባ መካከል ያለው ጊዜ መካከለኛው ቁጥር 34 ቀን ሆኖ ተገኝቷል። ከመቶ 38ቱ ከ40 ቀን በላይ፣ ከመቶ 10ሩም ከ60 ቀን በላይ ቆይተዋል። እንግዲህ በመጀመሪያው ዓመት መዛባት የብዙኃኑ ጠባይ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ልኩ እየጠበበ ይሄዳል። ከአንድ ዓመት በኋላ እስከ ሦስተኛው ዓመት ድረስ ከ21 ቀን የማያንስና ከ45 ቀን የማይበልጥ ዑደት እንደ ጤናማ ይቆጠራል። ከሦስት ዓመት በኋላ የአዋቂ ሴት ልክ፣ ማለትም ከ21 እስከ 35 ቀን፣ ይጠበቃል። በየትኛውም ጊዜ ቢሆን የወር አበባ ከ90 ቀን በላይ ከጠፋ፣ አንድ ጊዜ ብቻም ቢሆን፣ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

እነዚህ ዓመታት የሚቆጠሩት ከልደት ሳይሆን የወር አበባ ከታየበት ቀን ነው። ይህ በአካባቢያችን ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ዋግ በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዱ እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በ2030 እ.ኤ.አ. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በልጅነት ምግብ ያጠራት ሴት ልጅ ሰውነቷ ዘግይቶ ይበስላል፤ የወር አበባም ዘግይታ ታያለች። በ12 ዓመቷ ያየች የከተማ ልጅ በ17 ዓመቷ አምስት ዓመት አልፏታል፤ ዑደቷም ቢዛባ «የዕድሜ ነው» ማለት አይቻልም። በ15 ዓመቷ ያየች የአበርገሌ ልጅ ግን በ17 ዓመቷ ገና በሁለተኛው ዓመት ላይ ናት። ሁለቱን በአንድ የልደት ዕድሜ መመዘን አንዲቱን ያለ ምክንያት ማስደንገጥ፣ ሌላዪቱን ደግሞ ያለ ምርመራ መተው ነው።

ጨርሶ ስላልጀመረች ልጅም የሚጠየቀው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ደንቡ እስከ 15 ዓመት ያላየች፣ ወይም ጡቷ ማጎጥጎጥ ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎ ያላየች ልጅ ትመርመር ይላል። የልደት ቀን በወረቀት ባልተያዘበት ቤት ውስጥ ይበልጥ የሚታመነው ሁለተኛው መለኪያ ነው፤ እናት የልጇን ዕድሜ ብትረሳ የጡቷን መውጣት ታስታውሳለችና።

ይህ ሁሉ ልክ ግን ቀን ካልተቆጠረ ዋጋ የለውም። ብዙ ጊዜ «ቀኑን አላውቀውም» የሚል መልስ ይሰጠናል፤ ወረቀትና እርሳስም ቤት ውስጥ ላይኖር ይችላል። ይሁን እንጂ በዋግ ደጋ የቀን መቁጠሪያ የሌለው ቤት የለም፤ መቁጠሪያውም የወሩ በዓላት ናቸው። እናት ቀኑን በቁጥር ባታውቀው እንኳ «የሚካኤል ዕለት ነበረ» ወይም «ከማርያም ማግሥት ነው» ብላ ትናገራለች። ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ማርያም 21፣ መድኃኔ ዓለም 27 ነው። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለ ሆነ ስሌቱ እጅግ ቀላል ነው። ከአንዱ ወር ሚካኤል እስከ ተከታዩ ወር ሚካኤል 30 ቀን ነው፤ እስከ ተከታዩ ወር ማርያም ደግሞ 39 ቀን ነው። መቁጠር የሚጀመረውም ደሙ ከታየበት ከመጀመሪያው ቀን እስከ ቀጣዩ ደም የመጀመሪያ ቀን ነው እንጂ ደሙ ከቆመበት ቀን አይደለም። በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ሰዎች ይሳሳታሉ፤ ሰባት ቀን የፈሰሳት ልጅ ከቆመበት ከቆጠረች የ28 ቀኑ ዑደት 22 ቀን ሆኖ ይታያታል።

እስኪ በምሳሌ እንመልከት። ምሳሌው ነገሩን ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው እንጂ የአንዲት የታወቀች ልጅ ታሪክ አይደለም። ከሰቆጣ ዙሪያ የመጣች፣ 15 ዓመት የሞላት ተማሪ እንበል። የመጀመሪያው የወር አበባ በጥቅምት ሚካኤል ታየ። ሁለተኛው በኅዳር ማርያም መጣ፤ 39 ቀን ነው። ሦስተኛው በጥር ሥላሴ፣ ማለትም ጥር 7 ቀን፣ መጣ፤ 46 ቀን ነው። አራተኛው በዚያው ወር በ29 መጣ፤ 22 ቀን ብቻ ነው። አምስተኛው በመጋቢት ሚካኤል መጣ፤ 43 ቀን ነው። ስድስተኛው በሚያዝያ መድኃኔ ዓለም መጣ፤ 45 ቀን ነው።

እናቲቱ ልጇን ይዛ የመጣችው ግንቦት 5 ቀን፣ የአቦ ዕለት ነው። የምታቀርበው አቤቱታም «ቀኑ አልያዝላት አለ» የሚል ነው። እኛ ግን ቀኑን ስንመረምር የሚያስደነግጥ ነገር አናገኝም። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ከ22 እስከ 46 ቀን መለዋወጥ የሚጠበቅ ነው። የሚያስደነግጠው እናቲቱ ያልጠቀሰችው ነው፤ ከሚያዝያ 27 እስከ ግንቦት 5 ድረስ ሲቆጠር ደሙ ዘጠነኛ ቀኑን ይዟል፤ አልቆመምም።

የደም ብዛት እንዴት ይጠየቃል? «ብዙ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ልጅቷ ከሌላ ሰው ጋር የምታወዳድርበት መለኪያ የላትምና። «ስንት ጨርቅ ትለውጫለሽ?» የሚለውም ብቻውን አይበቃም፤ የጨርቁ ውፍረት ከቤት ቤት ይለያያል። የሚሻለው ሦስት ነገር መጠየቅ ነው። ጨርቁ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይርሳልን? ሌሊት ለመለወጥ ከእንቅልፏ ትነሣለችን? ከአንድ ብር ሳንቲም የሚሰፋ የረጋ ደም ይወጣልን? ከሦስቱ አንዱ «አዎን» ከሆነ፣ ወይም ደሙ ከሰባት ቀን በላይ ከዘለቀ፣ መጠኑ ከልክ ያለፈ ነው። በምሳሌያችን ያለችው ልጅ ሌሊት ሁለት ጊዜ ትነሣለች፤ ትምህርት ቤትም ከሄደች ሳምንት አልፏታል።

የዐይኗን የታችኛውን ሽፋን ገልጠን ስናይ ነጥቷል። ሄሞግሎቢኗ ተለክቶ 9.6 ሆነ። ዕድሜዋ 15 ለሆነና ላላረገዘች ልጅ ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። በተጨማሪም ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። የከፍታ ቦታ ሰው ደም ከቆላው ሰው ደም ይልቅ ሄሞግሎቢኑ ከፍ ስለሚል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር ባለው ከፍታ ከተለካው ቁጥር ላይ 1.4 ይቀነሳል። ስለዚህ 9.6 የተባለው በስሌቱ 8.2 ነው። ለከባድ ደም ማነስ ወሰን የሆነው 8 ነውና ልጅቷ ከወሰኑ አጠገብ ቆማለች ማለት ነው። ይህን ሳናደርግ ብንቀር አደጋውን አሳንሰን እናያለን።

ከዚህ በኋላ የሚጠየቀው የደም አለመርጋት ችግር መኖር አለመኖሩ ነው። የወር አበባዋ ገና ከመጀመሪያው አንሥቶ ከልክ በላይ በሚፈሳት ልጅ ላይ ይህ በሽታ ከሌሎች ሴቶች ይልቅ በብዛት ይገኛል። ልዩ የላቦራቶሪ ምርመራ በሌለበትም ቢሆን ጥያቄ አለን። አፍንጫዋ በየጊዜው ይደማልን? ጥርስ ስትነቅል ወይም ስትቆረጥ ደሙ ለረጅም ጊዜ አልቆም ብሏልን? እናቷ ወይም እኅቷ በወሊድ ጊዜ ከልክ በላይ ደምተዋልን? መልሱ «አዎን» ከሆነ ወደ ሆስፒታል ትላካለች፤ አስፕሪንም አይሰጣትም። ከዚህ ጋር አንገቷ በእጅ ይዳሰሳል፤ በደጋው አገር እንቅርት የተለመደ ስለ ሆነ የታይሮይድ ዕጢ መድከምም ደምን ያበዛልና።

የልጅቷ ሕክምና ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ደሙን ማቆም ሲሆን፣ ይህ በሐኪም ትእዛዝ በሆርሞን ወይም ደምን በሚያረጋ መድኃኒት ይደረጋል። ሁለተኛው የጠፋውን ብረት መመለስ ነው። 60 ሚሊግራም ብረት ያለው ኪኒን በየቀኑ ትወስዳለች፤ ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አይወሰድም፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክሉታልና። ከአራት ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢኑ ቢያንስ በ1 ከፍ ካለ መድኃኒቱ እየሠራ ነው፤ ቁጥሩ ከተስተካከለም በኋላ የተሟጠጠው ክምችት እንዲሞላ ለሁለትና ለሦስት ወር ይቀጥላል። ከፍ ካላለ ወይ ኪኒኑ አልተዋጠም፣ ወይ ደሙ አልቆመም፣ ወይ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው፤ ከቆላው ወረዳ ከመጣች ወባ፣ በባዶ እግሯ የምትሄድ ከሆነም የአንጀት ትል ይመረመራል። ስትቆም የሚያዞራት፣ ልቧ በፍጥነት የሚመታ፣ ወይም ራሷን የምትስት ልጅ ግን ኪኒን ተሰጥቷት ወደ ቤት የምትመለስ አይደለችም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን፣ ወደ ዝምታው፣ እንለፍ። ይህችው ልጅ ተሽሏት በሁለተኛው ዓመት ዑደቷ ከ28 እስከ 40 ቀን ባለው ውስጥ ገባ እንበል። በዚያው ዓመት በሰኔ ማርያም ከታየ በኋላ እስከ መስከረም ማርያም ድረስ ጠፋ። እናቲቱ «ሦስት ወር ሆነው» ትላለች። ሦስት ወር 90 ቀን ነው ብለን ካሰብን ልጅቷ ገና በወሰኑ ላይ ናት። ነገር ግን በነሐሴና በመስከረም መካከል ጳጉሜን አለች፤ አምስት ቀን ሲጨመር 95 ይሆናል፤ ወሰኑ አልፏል። ዓመት በሚለወጥበት ሰሞን የሚቆጥር ሰው ጳጉሜንን መርሳት የለበትም።

ዝምታ ባለበት ሁሉ የመጀመሪያው ምርመራ የእርግዝና ነው። «ዑደቷ ገና ያልጸና ልጅ አታረግዝም» የሚለው አባባል ሐሰት ነው። እንቁላል የሚወጣው ደም ከመታየቱ 14 ቀን ያህል ቀድሞ ስለ ሆነ፣ ዑደቷ የተዛባ ልጅ እንቁላሏ መቼ እንደሚወጣ ከማንም ይልቅ የማይታወቅባት ናት። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ቢከለክልም፣ ከዚያ ዕድሜ በፊት የተዳረች ልጅ፣ ወይም በውኃና በእንጨት መንገድ ላይ የተደፈረች ልጅ ወደ እኛ ልትመጣ ትችላለች። ስለዚህ ጥያቄው የሚቀርበው እናት በሌለችበት፣ ልጅቷን ብቻዋን አድርጎ ነው። ኽምጥኛ አፏን የፈታችበት ልጅ ከሆነችም አስተርጓሚው አጎቷ ወይም ጎረቤቷ መሆን የለበትም፤ ከተቻለ ቋንቋውን የምትናገር ሴት ባልደረባ ትጠይቃት። ምርመራውም ዝም ተብሎ የሚሠራ ሳይሆን ለልጅቷ ተነግሯትና ፈቅዳ የሚሠራ ነው።

በምሳሌያችን የእርግዝናው ምርመራ ባዶ ሆነ እንበል። ቀጥለን መዘንናት። በግንቦት ስትመጣ 41 ኪሎ የነበረችው አሁን 36 ኪሎ ናት፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ54 ነው። ወቅቱም ያለፈው እህል አልቆ አዲሱ ያልደረሰበት የክረምት ወቅት ነበረ። እዚህ ላይ መልሱ ይገኛል።

ሃይፖታላመስ ትእዛዙን የሚልከው እንደ ልብ ምት በየተወሰነ ጊዜ እየደጋገመ ነው። ሰውነት የሚያገኘው ምግብ ለመራመድ፣ ለመሥራትና ለሙቀት ከሚያወጣው ጉልበት ሲያንስ ምቱ ይዘገያል፤ ኤል ኤችም ይቀንሳል፤ ዑደቱም ይቆማል። አን ላውክስ የተባሉ ተመራማሪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ጤናማ ሴቶች ለአምስት ቀን ብቻ ምግብ እንዲያንሳቸው ቢደረግ የወር አበባ ካዩ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት በሆናቸው ወጣቶች የኤል ኤች ምት ሲዘገይ፣ 14 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ላይ ግን እንዳልዘገየ አሳይተዋል። የወጣቷ መንገድ ገና ስላልጸና በጥቂት እጦት ይናወጣል ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት፣ ከአንድ መሶብ የሚበሉ እናትና ልጅ ባሉበት የእናቲቱ ዑደት ሳይነካ የልጅቷ ሊቆም ይችላል። «እኔም ያንኑ እየበላሁ ምንም አልሆንኩም» የምትል እናት ሐሰት አልተናገረችም፤ ሰውነታቸው ግን አንድ አይደለም።

ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ምግብ ነው። ረጅም የእግር ጉዞዋ፣ ውኃ መቅዳቷና የምትጾመው ጾም ሁሉ በአንድነት ይታሰባሉ፤ ጾሙ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም፤ የቀኑ ድምር ነው የሚታየው። ቤተሰቡ ለርዳታ የሚበቃ እንደ ሆነ በሴፍቲ ኔት መዝገብ መኖሩ ይጠየቃል፤ ልጅቷም ለተመጣጠነ ምግብ ክትትል ትመዘገባለች። ሳል፣ የሌሊት ላብና ትኩሳት ካለ ደግሞ ሳንባ ነቀርሳ ሳይመረመር ክብደት መቀነስን ለረሀብ ብቻ መስጠት አይገባም። በዚህ ቦታ መጠንቀቅ ያለብን አንድ ነገር አለ። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ሰጥቶ ደም እንዲታይ ማድረግ ቀላል ነው፤ እናትም ትደሰታለች። ነገር ግን ያ ደም ኪኒኑ ሲቆም የሚመጣ ነው እንጂ ልጅቷ ለመዳኗ ምስክር አይደለም። ክብደቷ ሳይመለስ ደሙ ብቻ ከተመለሰ ምልክቱን ሸፈንነው እንጂ በሽታውን አላከምነውም።

ክብደቷ ሳይቀንስ ዑደቷ ከሦስተኛው ዓመት በኋላም ተዛብቶ የቀረ፣ በአገጯና በደረቷ ላይ ጠጉር የሚወጣባት፣ ፊቷም በከባድ ብጉር የተሸፈነ ልጅ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናት። በእርሷ ላይ እንቁልጢ የወንድ ሆርሞን የሚያበዛበት ሕመም ሊኖር ስለሚችል ወደ ሐኪም ትላካለች። ይሁን እንጂ የወር አበባ ካየች ስምንት ዓመት ሳይሞላት በአልትራሳውንድ «እንቁልጢሽ በከረጢት ተሞልቷል» ብሎ ይህን የሕመም ስም መስጠት አይገባም፤ የጤናማ ወጣት እንቁልጢም በዚያ ዕድሜ በብዙ ትናንሽ ከረጢቶች የተሞላ ነውና።

ክቡራንና ክቡራት፤

የተናገርሁትን ሰብስቤ ልጨርስ። ልጅቷ ወደ እኛ ስትመጣ በመጀመሪያ የወር አበባ ካየች ስንት ጊዜ እንደ ሆናት እንጠይቅ፤ ቀጥሎ ቀኖቹን በበዓላቱ አስታውሳ እንድትነግረን እናድርግ። በመጀመሪያው ዓመት ከሆነ፣ ከ90 ቀንም ካላለፈ፣ ደሙም በሰባት ቀን ውስጥ የሚቆምና ሌሊት የማያስነሣት ከሆነ፣ ዐይኗም ካልነጣ፣ «ቆጥሪ፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሽ» ብለን በሙሉ ልብ ልንልካት እንችላለን። ይህን ስንል እናቷ የሰቆጣን መንገድ በከንቱ እንዳትጓዝ አደረግን ማለት ነው። ደሙ ከበዛ፣ ዝምታው ከ90 ቀን ካለፈ፣ ወይም ጡቷ ካጎጠጎጠ ሦስት ዓመት አልፎ ምንም ካልታየ ግን «የዕድሜ ነው» የሚለውን ቃል ከአፋችን አናውጣ።

ምናልባት ከመካከላችሁ «በሥራ ብዛት ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ጊዜ የት አለን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄዎቹ ሲጠየቁ ከአሥር ደቂቃ አይበልጡም፤ የዐይን ሽፋን መግለጥም ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። አሥር ደቂቃ ከሌለን ግን ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው «ደሙ ስንት ቀን ፈሰሰ? ሌሊትስ ያስነሣሻል?» የሚለውን ይሁን፤ ለልጅቷ ሕይወት ፈጥኖ የሚያስፈልገው መልስ የዚህ ጥያቄ ነውና።